የባዶ ቦታ ሥርዓት፦ የፓይተን ብሎክ ከየት መጣ፣ አንዲት ስፔስስ ለምን ታስቆመዋለች?

የዛሬውን ንግግሬን በአራት መስመር ፕሮግራም እጀምራለሁ። በፓይተን የተጻፈ ሲሆን ሦስት ዋጋዎችን እየደመረ ድምሩን በየጊዜው እንዲያሳይ የታሰበ ነው። ስሞቹ በአማርኛ መጻፋቸው አይግረማችሁ፤ ከሦስተኛው የፓይተን ትውልድ ወዲህ የተፈቀደ ነገር ነው።

```
ድምር = 0
for ዋጋ in [10, 20, 30]:
     ድምር = ድምር + ዋጋ
    print(ድምር)
```

ይህ ፕሮግራም አይሠራም። ፓይተን አንዲትም ቁጥር ሳይደምር፣ አራተኛውን መስመር እየጠቆመ የሚከተለውን ይላል፦

```
IndentationError: unindent does not match any outer indentation level
```

ወደ ግራ የተመለሰው መስመር፣ ከእርሱ በላይ ካሉት የኅዳግ ርቀቶች ከአንዱም ጋር አይገጥምም ማለቱ ነው። አስተውላችሁ ብትቆጥሩ ግን አራተኛው መስመር ጥፋት የለበትም። ጸሐፊው እንዳሰበው አራት ስፔስ ገብቶ ተጽፏል። ትርፍ የሆነችው አንዲት ስፔስ ያለችው በሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ሦስተኛው መስመር አምስት ስፔስ ገብቷል። ታዲያ ጥፋተኛው ሳይነካ አልፎ ንጹሑ ለምን ተከሰሰ? ደግሞስ ዓይናችን እንኳ በወጉ የማያያት አንዲት ባዶ ቦታ ሙሉውን ሥራ እንድታስቆም ማን ሥልጣን ሰጣት? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ያለው በመሣሪያው አሠራር ውስጥ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው። ከታሪኩ ልጀምር።

በመጀመሪያዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ዘመን ቦታ ትርጉም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1957 ለተጠቃሚዎች የደረሰው ፎርትራን የሚጻፈው 80 አምድ ባለው የሚበሳ ካርድ ላይ ነበር። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያሉት አምዶች ለመስመሩ መለያ ቁጥር፣ ስድስተኛው አምድ መስመሩ የቀደመው ተከታይ መሆኑን ለማመልከት፣ ከሰባተኛው እስከ ሰባ ሁለተኛው ያሉት ደግሞ ለትእዛዙ የተመደቡ ነበሩ። ትእዛዙን በስድስተኛው አምድ የጀመረ ሰው ሳያውቀው የቀደመውን መስመር ይቀጥል ነበር። በዚህ ሁሉ ግን ቦታው የሚነግረን የጽሑፉን ዓይነት እንጂ የሐሳቡን አወቃቀር አልነበረም። በትእዛዙ ክልል ውስጥ ያሉ ስፔሶች እንዲያውም ከነጭራሹ አይቆጠሩም ነበር።

አልጎል 60 የተሰኘው ቋንቋ በአውሮፓና በአሜሪካ ሊቃውንት ስምምነት ሲወጣ ይህን የካርድ ባርነት ሰበረው። ጽሑፉ በገጹ ላይ እንደፈለገ ይዘርጋ ተባለ፤ ባዶ ቦታም ሆነ አዲስ መስመር ለትርጉሙ ለውጥ አያመጣም። አንድ ላይ የሚሠሩ ትእዛዞች፣ ማለትም ዛሬ ብሎክ የምንላቸው፣ `begin` በሚል ቃል ተከፍተው `end` በሚል ቃል እንዲዘጉ ተደረገ። ከዚህ ቤተሰብ የተወለዱት ቋንቋዎች፣ ፓስካል ቃሎቹን ይዞ፣ ሲ ደግሞ በጥምዝ ቅንፍ ተክቶ፣ ይኸንኑ ሥርዓት ወረሱ።

ነጻነቱ ግን አንድ እንግዳ ነገር ይዞ መጣ። ጸሐፊዎቹ ቅንፉ ብቻውን ለዓይናቸው አልበቃቸውም። በቅንፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከኅዳጉ ገባ አድርገው መጻፍ ጀመሩ፤ እንዲህ ያደረጉት ማንም ሳያስገድዳቸው ለማንበብ ስለቀለላቸው ነው። ስለዚህም እያንዳንዱ ፕሮግራም አወቃቀሩን ሁለት ጊዜ የሚናገር ሆነ፤ አንድ ጊዜ ለኮምፓይለሩ በቅንፍ፣ አንድ ጊዜ ለሰው በኅዳግ። ሁለት ምስክሮች ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ ሊለያዩ ይችላሉ። ሲለያዩም ሰው ኅዳጉን፣ መሣሪያው ቅንፉን ያምናል፤ የሚፈጸመውም መሣሪያው ያመነው ነው።

ይህ ልዩነት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከሚያሳዩት ሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2014 የተገለጠው የአፕል ኩባንያ ስሕተት ነው። ዘመኑን አስቀድሜ መጥቀሴን ይቅር በሉኝ፤ ችግሩ የቆየ፣ ማስረጃው ግን አዲስ ነው። ስልክና ኮምፒውተር ከድረ ገጽ ጋር በምስጢር ሲገናኙ የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ኮድ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን በውስጡ እነዚህ መስመሮች ነበሩ፦

```
if ((err = SSLHashSHA1.update(&hashCtx, &signedParams)) != 0)
    goto fail;
    goto fail;
```

የመጨረሻው መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ለዓይን ሁለቱም እኩል ገብተዋልና ሁለቱም በ`if` ሥር ያሉ ይመስላሉ። በሲ ሕግ ግን ጥምዝ ቅንፍ ከሌለ በ`if` ሥር የሚውለው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው `goto fail` ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሁልጊዜ ይፈጸም ነበር። ወደ `fail` ሲዘል የዲጂታል ፊርማው የሚመረመርበትን የመጨረሻ ደረጃ ይዘለዋል፤ እስከዚያ ድረስ የነበሩት ደረጃዎች በደኅና ስላለፉ `err` ዋጋው ዜሮ ነበር፤ ዜሮ ደግሞ «ስሕተት የለም» ማለት ነው። ሐሰተኛ ፊርማ ያቀረበ አገልጋይ እንደ እውነተኛ ተቆጥሮ ያልፋል። ኮምፓይለሩ አልተቃወመም፤ እንደ ቋንቋው ሕግ የሚቃወምበት ምክንያት አልነበረውምና። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ስድስተኛው የጂሲሲ ኮምፓይለር ኅዳጉ ከትርጉሙ ጋር ሲጣላ የሚያስጠነቅቅ `-Wmisleading-indentation` የተባለ ምርጫ ይዞ መጣ። በፓይተን ያቺው መስመር ሁለት ጊዜ ብትጻፍ ኖሮ ሁለቱም በብሎኩ ውስጥ ይቀሩ፣ ሁለተኛዋም ያለ ጉዳት ትርፍ ሆና ትቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ሁለቱን ምስክሮች አንድ ማድረግ አይቻልምን? ቅንፉን ትተን መሣሪያው ሰው የሚያየውን ኅዳግ እንዲያነብ ብናደርገውስ? ይህን በግልጽ ያቀረበው እንግሊዛዊው ፒተር ላንዲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 «ቀጣዮቹ 700 የፕሮግራም ቋንቋዎች» በሚል ርእስ ባሳተመው ጽሑፉ ኢስዊም የተባለች፣ በወረቀት ላይ የቀረች ቋንቋ ነድፎ ነበር። ለእርሷ ካወጣላት ሕጎች አንዱን ሁላችሁም ከእግር ኳስ ሜዳ በምታውቁት ስም ጠራው፤ የኦፍሳይድ ሕግ። አንድ ሐረግ የጀመረበት ቦታ በገጹ ላይ የማይታይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ ከዚያ መስመር በስተግራ የወጣ ቃል ከሐረጉ ውጭ ነው፣ አዲስ ነገር ይጀምራል። ልብ በሉ፤ ላንዲን ስንት ስፔስ እንደሆነ አልወሰነም። የጠየቀው ከመስመሩ በስተቀኝ ነህ ወይስ በስተግራ የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ክኑዝ ስለ `go to` ትእዛዝ በጻፈው ረጅም ድርሰት ውስጥ፣ በመሐል ጣል ባደረጋት ሐሳብ፣ የፕሮግራም ክፍሎች እያጠሩ ከሄዱ አወቃቀራቸውን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ፋንታ በኅዳግ ርቀት መግለጽ የሚቻል ይሆናል ሲል ገመተ። ኔዘርላንድ ውስጥ፣ በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል፣ ሐሳቡን ወደ ሥራ የለወጡ ሰዎች ነበሩ። ላምበርት ሜርተንስና ሊዮ ኸርትስ፣ ኋላም ስቲቨን ፔምበርተን፣ ኮምፒውተር ሙያቸው ላልሆነ ሰዎች የሚሆን ቋንቋ ይነድፉ ነበር። መጀመሪያ ቢ፣ በመጨረሻም ኤቢሲ ተባለ። ብሎክን በኅዳግ ብቻ ለመግለጽ ቈረጡ።

በዚህ መሐል የተፈጸመች አንዲት ታሪክ አለች፤ ፓይተንን የሠራው ጊዶ ቫን ሮሱም ራሱ ከሜርተንስ ሰምቶ የጻፋት ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 በፖላንድ፣ ከዋርሶ አቅራቢያ በምትገኘው ያብዎና፣ ሜርተንስ ከሮበርት ደዋር፣ ከፒተር ኪንግና ከጃክ ሽዋርትዝ ጋር ተቀምጦ ስለ ቋንቋው አጻጻፍ ይከራከራል። ቁጥሮችን በተራ የሚደረድር አንድ አጭር ፕሮግራም በየአማራጩ አጻጻፍ ጽፈው እያነጻጸሩ ነበር። መስማማት ስላቃታቸው የደዋርን ባለቤት ከክፍላቸው አስጠርተው አስተያየታቸውን ጠየቁ። የመጀመሪያው አማራጭ ሲብራራላቸው እርሳቸው ተገርመው ጠየቁ፤ በ`FOR` መስመር ላይ የተባለው የሚመለከተው ያንኑ መስመር ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን መስመሮች ጭምር ነው እንዴ? ሊቃውንቱ ያን ጊዜ ነቁ። በመስመሩ መጨረሻ ሁለት ነጥብ ቢኖር ኖሮ ይህ አለመግባባት ባልተፈጠረ ነበር። ዛሬ በየ`if` እና በየ`for` መጨረሻ የምትጽፏት ሁለት ነጥብ የመጣችው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ነው። ለመሣሪያው ከሞላ ጎደል ትርፍ ናት፤ የሚከተለው መስመር ገብቶ መጻፉ ብሎክ መጀመሩን ይናገራልና። የተቀመጠችው ለአንባቢ ነው፤ «የምለው ገና አላለቀም፣ ከታች ይቀጥላል» ትላለች።

ቫን ሮሱም በኤቢሲ ሥራ ላይ የተሰማራ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989፣ ለገና በዓል መሥሪያ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን፣ የራሱን ቋንቋ መሥራት ጀመረ፤ በየካቲት 1991 ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጂ ለሕዝብ አሠራጨ። ከኤቢሲ ብዙ ነገር ጣለ፤ ኅዳጉንና ሁለት ነጥቧን ግን ያዘ። ስለ ጥምዝ ቅንፍ የሚቀርበው ልመና በየዘመኑ አላቋረጠም። የቋንቋው ሠሪዎች ምላሻቸውን በቀልድ መልክ በቋንቋው ውስጥ ቀብረውታል፤ `from __future__ import braces` ብላችሁ ብትጽፉ `SyntaxError: not a chance` የሚል መልስ ታገኛላችሁ። የማይሆን ነገር ነው ማለቱ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ፤ ንጹሑ መስመር የተከሰሰበት ምክንያት እዚህ ነው ያለው።

ፓይተን አንድን ፋይል ሲያነብ ሥራው በሁለት ክፍሎች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ከፋፋይ ነው፤ ፊደላቱን እየለቀመ ቃልና ምልክት ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው የሰዋስው መርማሪ ነው፤ ከከፋፋዩ የተቀበላቸው ምልክቶች በሕጉ መሠረት የተሰደሩ መሆናቸውን ያያል። መርማሪው ስፔስ የሚባል ነገር ፈጽሞ አያውቅም። ስፔሶቹን የሚቆጥረው ከፋፋዩ ሲሆን ቆጥሮ ሲጨርስ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ይሠራል፤ አንደኛው `INDENT`፣ ብሎክ ተከፈተ የሚል፤ ሁለተኛው `DEDENT`፣ ብሎክ ተዘጋ የሚል። እነዚህ ሁለቱ የድሮዎቹን `begin` እና `end` ሥራ ይሠራሉ። ቅንፉ ከፓይተን አልጠፋም፤ የሚጽፈው መሣሪያው ራሱ ሆነ እንጂ።

ከፋፋዩ ይህን ለማድረግ የቁጥሮች ቁልል ይይዛል። በመሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ አስቡት፤ የሚጨመረው ከላይ ነው፣ የሚነሣውም ከላይ ነው። ሥራ ሲጀመር በቁልሉ ላይ ዜሮ ብቻ አለ። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ስፔሶቹን ይቆጥርና ከቁልሉ የላይኛው ቁጥር ጋር ያስተያያል። እኩል ከሆኑ ምንም አይልም። አዲሱ ቁጥር ከበለጠ በቁልሉ ላይ ጨምሮ አንድ `INDENT` ይልካል። ካነሰ ደግሞ ከላይ አንድ በአንድ እያነሣ ለእያንዳንዱ አንድ `DEDENT` ይልካል፤ የሚያቆመው ከአዲሱ ቁጥር ጋር የሚተካከል ሲያገኝ ነው። ካላገኘስ? ያን ጊዜ ነው ቀደም ብላችሁ ያያችሁትን መልእክት የሚጽፈው።

ፕሮግራማችንን እናስኪደው። አንደኛውና ሁለተኛው መስመር ዜሮ ስፔስ ናቸው፤ ቁልሉ አልተነካም። ሦስተኛው አምስት ነው። አምስት ከዜሮ ይበልጣል፤ ቁልሉ ዜሮና አምስት ይሆናል፣ ብሎክ ተከፈተ። እዚህ ላይ ከፋፋዩ የሚጠረጥርበት ምንም ምክንያት የለውም። እንደ ላንዲን ሕግ የሚጠየቀው በስተቀኝ መሆን ነው፤ የመጀመሪያው የብሎክ መስመር አንድም፣ አራትም፣ አሥራ ሦስትም ስፔስ ቢገባ ሕጋዊ ነው። አራተኛው መስመር አራት ነው። አራት ከአምስት ያንሳል፤ ስለዚህ አምስቱን ያነሣል። ከሥሩ ዜሮ ብቅ ይላል። አራት ከዜሮ ጋር አይተካከልም። መስመሩ ከውስጠኛው ብሎክ ወጥቷል፣ ከውጭው ግን አልደረሰም፤ በሁለቱ መሐል ተንጠልጥሏል። ስሕተቱ የተፈጠረው በሦስተኛው መስመር ቢሆንም አለመግባባቱ የታየው በአራተኛው ነው፤ ከፋፋዩ ደግሞ የሚያውቀው አለመግባባቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን መልእክት ስታዩ የተጠቆመውን መስመር ብቻ አትመርምሩ። ከእርሱ ሽቅብ ሂዱና ብሎኩን የከፈተውን የመጀመሪያ መስመር ተመልከቱ።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። ሦስተኛው መስመር አራት፣ አራተኛው አምስት ቢሆንስ? ከፋፋዩ በደስታ ይቀበለዋል፤ አምስት ከአራት ይበልጣልና ቁልሉ ላይ ጨምሮ `INDENT` ይልካል። የሚቃወመው ሁለተኛው ክፍል፣ የሰዋስው መርማሪው ነው። «ብሎክ ተከፈተ» የሚል ምልክት የደረሰው ሁለት ነጥብ ካለው መስመር በኋላ ሳይሆን ከተራ የመደመር ትእዛዝ በኋላ ነው፤ ሰዋስው በዚያ ቦታ ብሎክ አይፈቅድም። መልእክቱም የተለየ ነው፦ `IndentationError: unexpected indent`። በዚህ ጊዜ የተጠቆመው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጥፋተኛው ነው። ሁለቱ መልእክቶች ለጀማሪ አንድ ይመስላሉ፤ የሚመጡት ግን ከተለያዩ ክፍሎች ነው፣ የሚልኩንም ወደተለያየ ቦታ ነው። ከፋፋዩ የሚያወጣቸውን ምልክቶች በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ደኅና በሆነ ፋይል ላይ `python -m tokenize` የሚለውን ትእዛዝ ይስጥ፤ `INDENT` እና `DEDENT` ተዘርዝረው ይወጡለታል። በነገራችን ላይ ባዶ መስመሮች፣ ማስታወሻ ብቻ ያለባቸው መስመሮችና በተከፈተ ቅንፍ ውስጥ የሚቀጥሉ መስመሮች ከዚህ ቆጠራ ነጻ ናቸው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያሳየው፣ አንዲት የተሳሳተች ስፔስ ፕሮግራሙን ስታስቆም የደረሰብን የሚያናድድ እንጂ የሚጎዳ ነገር አለመሆኑን ነው። የሚያስፈራው የማያስቆመው ስሕተት ነው። እነሆ፦

```
def ጠቅላላ(ዋጋዎች):
    ድምር = 0
    for ዋጋ in ዋጋዎች:
        ድምር = ድምር + ዋጋ
        return ድምር
```

ይህ ፕሮግራም ያለ አንዳች ተቃውሞ ይሠራል። ሦስቱን ዋጋዎች 10፣ 20 እና 30 ስትሰጡት ግን 60 ሳይሆን 10 ይመልስላችኋል። `return` ስምንት ስፔስ ገብቶ በ`for` ብሎክ ውስጥ ስለወደቀ ዙሩ ገና አንድ ጊዜ ሳይደግም ሥራው ያበቃል። አራት ስፔስ ብቻ ቢገባ ኖሮ ከዙሩ ውጭ ሆኖ ሙሉውን ድምር ይመልስ ነበር። ሁለቱም አጻጻፎች በሰዋስው ትክክል ናቸው፤ የትኛው እንደታሰበ መሣሪያው ሊያውቅ አይችልም። ምልክቱ የሚገኘው በውጤቱ ላይ ነው፤ ብዙ ቁጥሮች ሰጥታችሁት መልሱ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ከተካከለ፣ ወይም ባዶ ዝርዝር ስትሰጡት በዜሮ ፋንታ `None` ካለ፣ የ`return` ኅዳግ መታየት አለበት።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ያለው በእነዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተቶች መሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ ለየደረጃው አራት ስፔስ እንድንጠቀም ይመክራል። ብዙ ሰው ይህን የውበት ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔ ግን ከውበት የበለጠ ሥራ የሚሠራ ይመስለኛል። ሁሉም ደረጃዎች በዜሮ፣ በአራት፣ በስምንት ላይ ከቆሙ በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች መሐል ማንም ሊቆምባቸው የማይገባ ሦስት ቦታዎች ይኖራሉ። ጣታችን አድጦ አንድ ስፔስ ብንጨምር ወይም ብንቀንስ የምንወድቀው ከእነዚያ ባዶ ቦታዎች በአንዱ ላይ ነው፤ ያን ጊዜም መሣሪያው ይይዘናል። ቋንቋው አንድ ስፔስ ብቻ መግባትን አይከለክልም፤ ነገር ግን በአንድ ስፔስ የሚጽፍ ሰው አንዲት ስፔስ ስታመልጠው ቀጥታ በሌላ ሕጋዊ ደረጃ ላይ ያርፋል፣ ፕሮግራሙም ትርጉሙን ለውጦ ዝም ብሎ ይሄዳል። የአራቱ ስፔስ ርቀት ትንሹን ስሕተት ከዝምታ አውጥቶ ድምፅ እንዲኖረው ያደርጋል። እርግጥ ነው፣ ጥበቃው ሙሉ አይደለም። ብሎኩ አንድ መስመር ብቻ ካለው፣ ያ መስመር አምስት ስፔስ ቢገባም የሚያስተያየው እኩያ ስለሌለው ሳይታወቅ ያልፋል፤ ትርጉሙ ግን ስላልተለወጠ ጉዳት የለውም። ሙሉ አራት ስፔስ የሳተን መስመር ደግሞ፣ አሁን በ`return` እንዳየነው፣ ምንም ርቀት አያድነውም።

ይህ ሁሉ አንድ ስፔስ አንድ ስፔስ መሆኑን ታሳቢ ያደረገ ነው። ታብ ሲገባበት ነገሩ ይበላሻል። ታብ ርቀት አይደለም፤ «እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ማቆሚያው የት እንዳለ የሚወስነው ጽሑፉን የሚያሳየው መሣሪያ ነው። በአንዱ ማያ ገጽ አራት፣ በሌላው ስምንት ስፔስ ያህል ሊታይ ይችላል። ፓይተን በቀድሞ ዘመኑ ታብን ወደሚቀጥለው የስምንት ብዜት እንደሚያደርስ ይቆጥረው ነበር። አራት እያሳየ በሚያጽፍ መሣሪያ ላይ አንዱን መስመር በታብ፣ ተከታዩን በአራት ስፔስ የጻፈ ሰው ለዓይኑ እኩል የሆኑትን መስመሮች ፓይተን ስምንትና አራት ብሎ ያነብበታል። ላንዲን አንድ ሊያደርጋቸው የፈለጋቸው ሁለቱ ምስክሮች እንደገና ተለያዩ ማለት ነው። ሦስተኛው ትውልድ ይህን ችግር በብልሃት ፈታው፤ ከፋፋዩ እያንዳንዱን ኅዳግ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ አንድ ጊዜ ታብን እስከ ስምንት፣ አንድ ጊዜ ታብን እንደ አንድ አድርጎ። ሁለቱ ቆጠራዎች ስለ ደረጃው ካልተስማሙ አንዱን መርጦ አይፈርድም፤ `TabError: inconsistent use of tabs and spaces in indentation` ብሎ ሥራውን ያቆማል።

በመጨረሻ፣ ከድረ ገጽ ወይም ከጽሑፍ ማቀናበሪያ ኮድ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ስለሚያጋጥማችሁ ነገር ጥቂት ልበል። ስፔስ የሚመስል ሁሉ ስፔስ አይደለም። መስመር እንዳይሰበር ተብሎ የሚገባ ሌላ ባዶ ምልክት አለ፤ ለዓይን ፍጹም አንድ ነው፣ ለፓይተን ግን እንግዳ ፊደል ነው። ምልክቱ መልእክቱ ነው፤ ስለ ኅዳግ ሳይሆን `invalid non-printable character U+00A0` ይላል። እንዲህ ሲል ስፔስ ብትጨምሩም ብትቀንሱም አይረዳችሁም፤ ባዶውን ቦታ በሙሉ አጥፍታችሁ በራሳችሁ ጣት እንደገና መጻፍ ነው።

እኛ ደግሞ በተለይ የምናገኘው የዚሁ ወንድም አለ። የጥንት ጸሐፊዎቻችን በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ አይተዉም ነበር፤ ክፍተቱን ራሱ በሁለት ነጥብ ይጽፉት ነበር። ዛሬ በቁልፍ ሰሌዳ ስንጽፍ ቦታውን ለስፔስ ለቅቀናል፤ ምልክቱ ግን በግዕዝ ፊደል ሰሌዳችን ላይ አለ፣ ከ`for` መስመር መጨረሻ ከምትጻፈው ሁለት ነጥብ ጋርም በመልክ ይመሳሰላል። ስሞቹን በአማርኛ የጻፈ ተማሪ ሰሌዳውን ወደ ላቲን ሳይመልስ ሁለት ነጥብ ሲመታ ፓይተን የሚለው ይህን ነው፦

```
SyntaxError: invalid character '፡' (U+1361)
```

ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይክሮፎኑ እዚያ አለ።